«በስንት ያልቃል?» ለሚለው ጥያቄ ሦስት መልሶች

በአንድ አነስተኛ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ተማሪ በዝቶበት ክፍሎቹ ተጨናንቀዋል እንበል። ወላጆች፣ የከተማው ሽማግሌዎችና ውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ተመካክረው አራት ክፍል ያለው አንድ ተጨማሪ ሕንፃ ለማሠራት ተነሥተዋል። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንድ መሐንዲስ ተጋብዞ ቢገኝ፣ ገና ወንበሩን ሳያሞቅ የሚቀርብለት ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ልጄ፣ በስንት ያልቃል?»

ይህ ጥያቄ ግንባታው እስኪጀመር ድረስ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይነሣል። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ፣ ንድፉ ተስሎ ሲቀርብ፣ በመጨረሻም ከተቋራጭ ጋር ውል ሊፈረም ሲል። ጥያቄው ያው ቢሆንም በየጊዜው የሚታወቀው ነገር ስለሚለያይ መልሱ የሚሰላበት መንገድም ይለያያል። ባለሙያዎች ሦስቱን መንገዶች አናሎገስ፣ ፓራሜትሪክና ቦተም አፕ ይሏቸዋል። እኛ የአምሳያ ግምት፣ የመለኪያ ግምትና የዝርዝር ግምት እያልን፣ በዚሁ የትምህርት ቤት ሕንፃ ላይ አንድ በአንድ እንያቸው። የምንጠቀምባቸው ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ ማንም ሰው በገበያው ቀን ዋጋ ሊተካቸው ይችላል።

አንደኛው መልስ፦ የጎረቤቱን አይቶ

በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የሚታወቀው «አራት ክፍል፣ ባለ አንድ ፎቅ ያልሆነ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ» የሚል ብቻ ነው። ንድፍ የለም፤ የክፍሉ ስፋትም አልተወሰነም። መሐንዲሱ ያለው አማራጭ ተመሳሳይ ሥራ ፈልጎ ከእሱ መነሣት ነው። በአጎራባቹ ወረዳ ከሦስት ዓመት በፊት ባለ ሦስት ክፍል ሕንፃ ተሠርቶ በ5.4 ሚሊዮን ብር ማለቁን አወቀ እንበል። የአምሳያ ግምት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ቁጥሩ ግን እንዳለ አይወሰድም። በመጀመሪያ መጠኑ ይስተካከላል። ከሦስት ክፍል ወደ አራት ሲኬድ 5.4 ሚሊዮኑ 7.2 ሚሊዮን ይሆናል። ቀጥሎ ዘመኑ ይስተካከላል። በሦስቱ ዓመታት የሲሚንቶ፣ የብረት፣ የቆርቆሮና የሠራተኛ ዋጋ በአማካይ በ60 በመቶ ጨምሯል ከተባለ ሂሳቡ ወደ 11.5 ሚሊዮን ያድጋል። ሦስተኛው ማስተካከያ የቦታው ነው። የጎረቤቱ ሕንፃ ያረፈው ጠንካራ ቀይ አፈር ላይ ሲሆን፣ የእኛው ግቢ ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጠልቆ ካልወረደና አፈሩ ካልተቀየረ ግድግዳውን ይዞት ይሰነጠቃል። ለዚህ 10 በመቶ ቢጨመር ግምቱ 12.7 ሚሊዮን ብር ገደማ ላይ ያርፋል።

ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ የአምሳያ ግምት ትልቁ ጥቅምም ፍጥነቱ ነው። ድክመቱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በአንድ ሕንፃ ታሪክ ላይ መቆሙ ነው። በዚያ 5.4 ሚሊዮን ውስጥ ምን ምን ተካቷል? አጥሩና መጸዳጃ ቤቱ አብረው ተሠርተዋል ወይስ ለብቻቸው? አሸዋውንና ድንጋዩን ነዋሪው በነፃ አቅርቦ ይሆን? የተያዘው ቁጥር ውሉ ሲፈረም የነበረው ነው ወይስ ሥራው ሲያልቅ በእርግጥ የተከፈለው? ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ፤ ለአምሳያነት የሚበጀው የመጨረሻው ክፍያ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ሳይጠይቁ የተወሰደ አምሳያ መልኩ ቢመሳሰልም ሌላ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መሐንዲሱ «12.7 ሚሊዮን» ብሎ መቀመጥ የለበትም። የአሜሪካው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ተቋም ሲያሳትመው በኖረው መመሪያ ውስጥ፣ በፕሮጀክት ጅማሬ ላይ የሚሰጥ ግምት ከእውነተኛው ወጪ ጋር ያለው ልዩነት በ25 በመቶ ዝቅ ሊል፣ በ75 በመቶ ከፍ ሊል እንደሚችል ተደርጎ ይታሰባል። በዚህ ሂሳብ ለስብሰባው የሚነገረው «ከ9.5 እስከ 22 ሚሊዮን ብር ባለው መካከል» የሚል ነው። ወሰኑ ወደ ላይ ይበልጥ የተለጠጠበት ምክንያት አለ። በዚህ ደረጃ ያልታወቀ ነገር ቆይቶ ሲገለጥ በአብዛኛው ወጪ ይጨምራል፤ የተረሳ ነገር ተገኝቶ ወጪ የሚቀንስበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

ሰፊ ወሰን ሲሰሙ «ታዲያ ይሄ ምን ይጠቅመናል?» የሚሉ አይጠፉም። በዚህ ደረጃ የሚወሰነው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደፊት እንቀጥል ወይስ እንተው? ማኅበሩ ቢያንስ 10 ሚሊዮን የማሰባሰብ ተስፋ ከሌለው ወይ ክፍሎቹን ወደ ሁለት መቀነስ፣ ወይ የነበሩትን ማደስ እንዳለበት ከወዲሁ ያውቃል። ተስፋ ካለው ደግሞ ለንድፍ የሚሆን ገንዘብ ያወጣል። ለዚህ ውሳኔ ሰፊው ወሰን ይበቃል።

ሁለተኛው መልስ፦ በካሬ ሜትር

አርክቴክቱ የመጀመሪያ ንድፍ ይዞ መጣ። እያንዳንዱ ክፍል 8 ሜትር በ7 ሜትር ሆኖ አራቱ በአንድ መስመር ይደረደራሉ፤ ፊት ለፊታቸው 2 ሜትር ስፋት ያለው በረንዳ አለ። የሕንፃው ርዝመት 33 ሜትር፣ ወርዱ 9 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱ 300 ካሬ ሜትር ገደማ ሆነ። የግድግዳው ርዝመት፣ የፊቱ፣ የኋላውና የክፍሎቹ መለያ ሲደመር 100 ሜትር ነው። አሁን የሚለካ ነገር ተገኘ።

የመለኪያ ግምት በአንድ ሕንፃ ሳይሆን በብዙ ሕንፃዎች ልምድ ላይ ይቆማል። መሐንዲሱ በቅርብ ጊዜ የተሠሩ ተመሳሳይ የመማሪያ ሕንፃዎችን ወጪ ይሰበስባል፤ ሁሉንም ወደ ዛሬ ዋጋ ይለውጣል፤ ከዚያ ወጪው ከስፋቱ ጋር እንዴት እንደሚሄድ ያያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የካሬ ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ አንድ ቁጥር ይይዝና በስፋቱ ያባዛል። የካሬ ዋጋ ግን በሕንፃው መጠን ይለዋወጣል።

በቅርበት እንየው። በተሰበሰበው መረጃ ውስጥ ትንሹ ሕንፃ 150 ካሬ ሆኖ 6.9 ሚሊዮን ብር ፈጅቷል፤ ካሬው 46,000 ብር ማለት ነው። ትልቁ 450 ካሬ ሆኖ 18 ሚሊዮን ፈጅቷል፤ ካሬው 40,000 ብር። ትንሹ ሕንፃ በካሬ የተወደደው ስፋቱ ምንም ይሁን ምን የማይቀሩ ወጪዎች ስላሉ ነው። ተቋራጩ ዕቃውን ጭኖ ይመጣል፤ የጥበቃና የዕቃ ማከማቻ ቤት ይሠራል፤ ውኃና መብራት ያስገባል፤ ፎርማን ይቀጥራል። ትንሽ ሕንፃ ይህን ሸክም በጥቂት ካሬ ላይ ያሳርፈዋል።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ስንወስድ 300 ካሬ ጭማሪ 11.1 ሚሊዮን ብር አስወጥቷል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጨማሪ ካሬ 37,000 ብር ይፈጃል። በዚህ ሂሳብ የትንሹ ሕንፃ 150 ካሬ 5.55 ሚሊዮን ሲሆን፣ ከ6.9 ሚሊዮኑ የሚቀረው 1.35 ሚሊዮን ስፋት የማይለውጠው ቋሚ ወጪ ነው። ለእኛ 300 ካሬ ሕንፃ 11.1 ሚሊዮን ላይ 1.35 ሚሊዮን ሲደመር 12.45 ሚሊዮን ይሆናል። ሁለቱን የካሬ ዋጋዎች በደፈናው አማክለን በ43,000 ብር ብናባዛ ኖሮ 12.9 ሚሊዮን ይመጣ ነበር። 450,000 ብር ያለ ምክንያት ጨመርን ማለት ነው። በተግባር መሐንዲሱ በመካከል ያሉትን ሕንፃዎችም አስገብቶ ለሁሉም የሚስማማውን መስመር ይፈልጋል፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

መረሬው አሁንም አልተረሳም። መረጃ የተወሰደባቸው ሕንፃዎች በሙሉ በጠንካራ አፈር ላይ ስላረፉ የካሬው ሂሳብ ይህን ወጪ አያውቀውም። ስለዚህ ለብቻው፣ በራሱ መለኪያ ይሰላል። ለተጨማሪ ቁፋሮ፣ ለድንጋይ ግንብና ከሌላ ቦታ ለሚመጣ መሙያ አፈር በአንድ ሜትር ግድግዳ 12,000 ብር ቢታሰብ፣ ለ100 ሜትር 1.2 ሚሊዮን ይሆናል። ጠቅላላው 13.65 ሚሊዮን ብር ሆነ። ንድፉ ባለበት ደረጃ 15 በመቶ ወደ ታች፣ 30 በመቶ ወደ ላይ ብንሰጠው ወሰኑ ከ11.6 እስከ 17.7 ሚሊዮን ይጠብባል።

የመለኪያ ግምት መረጃው ከተወሰደበት ክልል ሲወጣ ይከዳል። ከ150 እስከ 450 ካሬ ባሉ ምድር ቤቶች የተገኘው መስመር ለባለ ሁለት ፎቅ ቤተ መጻሕፍት አያገለግልም። ፎቅ ሲመጣ ምሰሶው ይወፍራል፣ ሶሌታና ደረጃ ይጨመራል፣ የብረቱ መጠን ይለወጣል። ቁጥር አስገብተው ካባዙ መልስ መውጣቱ አይቀርም፤ መልሱ እንደማይሠራ ግን ሂሳቡ ራሱ አይናገርም። ስለዚህ የካሬ ዋጋ የሚሰጣችሁን ባለሙያ «ይህ ዋጋ የመጣው ከምን ዓይነትና ከምን ያህል ሕንፃዎች ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ይህ ግምት የሚጠቅመው ንድፍ ገና ሊለወጥ በሚችልበት ጊዜ ነው። በረንዳው ከ2 ሜትር ወደ 1.5 ሜትር ቢጠብ ወይም አምስተኛ ክፍል ቢጨመር ምን እንደሚመጣ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ማኅበሩ የሕንፃውን መጠን የሚወስነውና የገንዘብ ማሰባሰቢያውን ዒላማ የሚያስቀምጠው በዚህ ጊዜ ነው፤ ዒላማውም ከወሰኑ ላይኛው ጫፍ ቢጠጋ ይበጃል።

ሦስተኛው መልስ፦ ከብሎኬቱ ተነሥቶ

የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የውኃ መስመር ንድፎች ተጠናቀቁ። አሁን ሥራው በሙሉ ተበትኖ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ተለክቶ፣ ዋጋ ተሰጥቶት ወደ ላይ ይደመራል። በኮንስትራክሽን ሰዎች ዘንድ ልኬቱ ቴክ ኦፍ፣ የሥራ ዝርዝሩ ደግሞ ቢል ኦፍ ኳንቲቲ ይባላል።

ከብዙዎቹ መስመሮች አንዱን፣ የብሎኬት ግድግዳውን እንውሰድ። ግድግዳው 100 ሜትር ርዝመትና 3.2 ሜትር ከፍታ አለው፤ 320 ካሬ ማለት ነው። የበርና የመስኮቱ 60 ካሬ ሲቀነስ 260 ካሬ ይቀራል። አሁን የአንዱ ካሬ ዋጋ ይሠራል። 40 በ20 ሳንቲ ሜትር ፊት ያለው ብሎኬት ለአንድ ካሬ 12.5 ያስፈልጋል፤ ስብራቱ ታስቦ 13 ይያዛል። አንዱ በ40 ብር 520 ብር ይመጣል። ለማያያዣው 10 ኪሎ ሲሚንቶ፣ ኩንታሉ 2,000 ብር ቢሆን 200 ብር፤ ለአሸዋ 60 ብር። ዕቃው 780 ብር ሆነ። አንድ ግንበኛ ከሁለት ረዳቶች ጋር በቀን 10 ካሬ ይገነባሉ፤ ግንበኛው 1,500፣ ረዳቶቹ እያንዳንዳቸው 600 ብር ቢከፈላቸው በድምሩ 2,700፣ ለአንድ ካሬ 270 ብር ነው። ለመወጣጫና ለመሣሪያ 20 ብር ሲጨመር ቀጥተኛ ወጪው 1,070 ብር ይደርሳል። የተቋራጩ የአስተዳደር ወጪና ትርፍ 25 በመቶ ቢሆን ዋጋው 1,340 ብር ገደማ ይሆናል። በ260 ካሬ ሲባዛ ይህ አንድ መስመር ብቻ 348,400 ብር ነው።

ለቁፋሮው፣ ለአርማታው፣ ለብረቱ፣ ለጣሪያው፣ ለልስኑ፣ ለቀለሙ፣ ለመብራቱ ሁሉ እንዲሁ ይደረጋል። ድምሩ 12.4 ሚሊዮን መጣ እንበል። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 1.86 ሚሊዮን ሲታከል 14.26 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ለዚህ ደረጃ በመመሪያው የተለመደው ወሰን 5 በመቶ ወደ ታች፣ 10 በመቶ ወደ ላይ ነው፤ ከ13.5 እስከ 15.7 ሚሊዮን ማለት ነው። ከሁለተኛው ግምት በ610,000 ብር የበለጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ዝርዝር ንድፉ የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ፣ የጣሪያ አሸንዳና የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ይዞ መጥቷል፤ የቀድሞዎቹ ሕንፃዎች እነዚህ አልነበሯቸውም።

የዝርዝር ግምት ትክክለኛ መስሎ ስለሚታይ አደጋው በቀላሉ አይታወቅም። የአንዱ ካሬ ዋጋ በጥቂት ብር ቢዛነፍ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት እያካካሰ ሊሄድ ይችላል። የተረሳ መስመርን ግን ማንም አያካክሰውም። የተቆፈረውን አፈር ጭኖ ማስወገድ፣ ለአርማታው የሚያስፈልገው የእንጨት ቅርጽ፣ በግንባታው ጊዜ በቦቴ የሚመጣው ውኃ ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ የሚዘለሉ ናቸው። የጎደለው እንዳለ ማወቂያው የቀደመው ግምት ነው። በመለኪያ 13.65 ሚሊዮን የተገመተ ሕንፃ በዝርዝር 10 ሚሊዮን ከወጣ፣ ርካሽ ሕንፃ ተገኘ ብሎ ከመደሰት በፊት የጎደለውን መስመር መፈለግ ይገባል።

ሌላው ፈተና ጊዜ ነው። ዝርዝሩ የሚሰላው በዛሬ ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ ቀን በፊት ምንም ያህል በጥንቃቄ የተሠራ ዝርዝር፣ ከውጭ በሚገቡት የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ መስታወትና ብረት ላይ የያዘው ዋጋ አላገለገለም። በዶላር የሚያዋጣ ተወላጅና በብር የሚከፍል ማኅበር ይህን ለውጥ የሚያዩት ከተለያየ ወገን ስለሆነ፣ ግምቱ የተሠራበት ቀንና የተያዘው የምንዛሪ ተመን በሰነዱ ላይ መጻፍ አለበት።

የቀደመው ቁጥር ሲቀድም

ሦስቱ መንገዶች በየተራቸው ካልመጡ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ የታወቀ ሕንፃ በአውስትራሊያ አለ። የሲድኒ ኦፔራ ሐውስን የዴንማርኩ አርክቴክት ዮርን ኡትሶን በውድድር ያሸነፈው በ1957 ሲሆን፣ የተገመተለት ወጪ በኋለኛው የአገሪቱ ገንዘብ 7 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሕንፃው በ1973 ሲመረቅ 102 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ፣ ከታሰበው ቀን አሥር ዓመት ዘግይቶ ነበር።

ሂሳቡ የተሳሳተበት ምክንያት ከላይ ካየነው ጋር ይገጥማል። በጀልባ ሸራ የሚመሰል ጣሪያ ያለው እንዲህ ያለ ሕንፃ በዓለም ስላልነበረ አምሳያ አልተገኘለትም። ለካሬ ዋጋ የሚሆን መረጃም አልነበረም። በዝርዝር እንዳይሠራ ደግሞ ንድፉ አላለቀም ነበር፤ ግንባታው በ1959 ሲጀመር የጣሪያው ቅርጽ እንዴት እንደሚሠራ ገና አልተወሰነም። የታችኛው ክፍል ተሠርቶ ቆይቶ፣ ጣሪያውን ለመሸከም የማይችሉ ምሰሶዎች ፈርሰው እንደገና መሠራት ነበረባቸው። የመጀመሪያው ቁጥር ግን ወሰን ሳይኖረው በጀት ሆኖ በሕዝብ አእምሮ ቀረ።

የእኛው ትምህርት ቤትም በአነስተኛ መጠን ተመሳሳይ ፈተና አለበት። በመጀመሪያው ስብሰባ «12.7 ሚሊዮን» የተባለው ብቻ ተይዞ ቢቀር፣ የዝርዝሩ 14.26 ሚሊዮን ሲመጣ አዋጪዎቹ «ገንዘቡን ማን በላው?» ሊሉ ይችላሉ። ማንም አልበላውም፤ ከ9.5 እስከ 22 ሚሊዮን የነበረው ወሰን ውስጥ ነው ያረፈው። ወሰኑ በቃለ ጉባኤ ካልተጻፈ ግን ይህን ማስረዳት ይከብዳል።

የትኛውን፣ መቼ?

ምርጫው በእጅ ባለው መረጃ ይመራል። ሐሳብ ብቻ ካለ አምሳያ፣ ስፋትና ቅርጽ ከታወቀ መለኪያ፣ ሙሉ ንድፍ ካለ ዝርዝር። ንድፍ ሳይኖር ዝርዝር ማሠራት ገንዘብና ሳምንታት ይፈጃል፤ ግምቱ ግን ከአምሳያ የተሻለ አይሆንም፤ መሐንዲሱ ያልተሳለውን ሁሉ በልቡ ገምቶ ነውና የሚሞላው። ንድፍ አልቆ ተቋራጭ ሊመረጥ ሲል በካሬ ዋጋ መዋዋልም በተቃራኒው ያለውን መረጃ መጣል ነው።

በአንድ ሥራ ውስጥ ሦስቱ ሊደባለቁም ይችላሉ። ሕንፃው በዝርዝር ተሰልቶ፣ ንድፉ ገና ያልደረሰው የመጸዳጃ ጉድጓድ በአምሳያ፣ የግቢው ንጣፍ በካሬ ሊገመት ይችላል። በሰነዱ ላይ የትኛው ክፍል በየትኛው መንገድ እንደተገመተ ከተጻፈ ምንም ችግር የለውም፤ መጠባበቂያው ገንዘብም በይበልጥ ወዳልተረጋገጡት መስመሮች ይሄዳል።

ስለዚህ የወጪ ግምት ሲቀርብላችሁ ከድምሩ በፊት አራት ነገሮችን ፈልጉ፦ የተሠራበትን መንገድ፣ የተሠራበትን ቀን፣ የስህተት ወሰኑን፣ በውስጡ ያልተካተተውን። አራቱ ከተጻፉ ማኅበሩ በመጀመሪያው ግምት መቀጠል አለመቀጠሉን፣ በሁለተኛው ምን ያህል እንደሚያሰባስብ፣ በሦስተኛው ከማን ጋር በስንት እንደሚዋዋል ይወስናል። አንዱ ከጎደለ ሰነዱን ለመሐንዲሱ መልሱና አስሞሉት፤ ይህን ማድረግ የሚያስከፍለው የአንድ ቀን መዘግየት ነው።